ስኳር ሳይወርድ እንቅስቃሴ ማድረግ፦ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ለሚወስዱ ጎልማሶች የሰዓት አመራረጥ መመሪያ

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ እንቅስቃሴውን ቢያንስ በሦስት ቀን እንዲከፋፍለው፣ ሁለት ቀን በተከታታይ እንዳያልፈውም ይመከራል። ይህን ምክር ከክትትል ክፍል ሰምቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ከምክሩ ጋር አብሮ የማይነገረው ግን ሰዓቱ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም ጎሕ ሲቀድ ክኒናቸውን በውኃ ውጠው በባዶ ሆድ መንገድ የሚወጡ፣ ቁርሳቸውንም ለመልስ የሚያቆዩ ሕሙማን አሉ። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ ለሌላው ግን ስኳሩ በመንገድ ላይ የሚወርድበት ቀጥተኛ ምክንያት ነው። ልዩነቱን የሚወስነው የሚወስደው መድኃኒት ስለሆነ መመሪያው ከዚያ ይነሣል።

መጀመሪያ፦ መድኃኒትዎን ይለዩ

ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ጤነኛ ሰው መራመድ ሲጀምር ቆሽቱ የሚያመነጨውን ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ጉበቱም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቅቃል፤ በዚህም ጡንቻ የወሰደውን ጉበት ይተካዋል። ግሊቤንክላማይድ የዋጠ ሰው ቆሽት ግን ስኳሩ እየወረደም ቢሆን ኢንሱሊን ማመንጨቱን እንዲቀጥል በመድኃኒቱ ይገደዳል፤ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ደግሞ ከቆዳው ሥር የገባውን መድኃኒት ሊያቆመው አይችልም። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ጉበት ስኳር እንዳይለቅቅ ስለሚከለክል ጡንቻ ይወስዳል፣ የሚተካ ግን የለም።

ስለዚህ የክኒንዎን ማሸጊያ ወይም የክትትል ካርድዎን አውጥተው ስሙን ያንብቡ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ወይም በአመጋገብ ብቻ የሚቆጣጠር ሰው በእንቅስቃሴ ምክንያት ስኳሩ ከመጠን በታች የሚወርድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ማለዳ በባዶ ሆዱ ቢራመድም አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስድ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን፣ ሜትፎርሚን ቢጨምርበትም ባይጨምርበትም፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከተዋል። በተለይ ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ወይም ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ግሊቤንክላማይድ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣለት አደጋው ይብስበታል።

ከመጀመር በፊት ሐኪም ማየት ግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ ሲራመዱ ደረትን የሚጨንቅ ሕመም፣ በዓይን ውስጥ የደም መፍሰስ እንዳለ የተነገረው ሰው፣ ያልዳነ የእግር ቁስል፣ እንዲሁም የእግር መደንዘዝ። ዓይኑ የደማበት ሰው ከባድ ነገር ማንሣትና ትንፋሽ ይዞ ማማጥ የለበትም። እግሩ የደነዘዘ ሰው በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ አይራመድ፤ ከመንገድ ሲመለስም ጫማውን አውልቆ የእግሩን ሥርና የጣቶቹን መካከል ይመልከት፣ ምክንያቱም ጠጠር ቢወጋው እንኳ ሕመሙ አይሰማውም።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን ከምግቡ ይቁጠሩ

የተበላ ምግብ በደም ውስጥ የሚያሳድገው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መብላት ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መራመድ የሚጀመረው ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ማለትም መብላት ከተጀመረ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በኋላ ከሆነ፣ ጡንቻ የሚወስደው ከእንጀራው ወይም ከዳቦው ወደ ደም እየገባ ያለውን ስኳር ይሆናል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከምግብ በኋላ የሚታየው ጭማሪ ዝቅ ይላል፣ በባዶ ሆድ ቢኬድ ኖሮ የሚመጣው መውረድም ይቀራል። በቀን አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ መሄድ የማይመቸው ሰው ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ቢራመድ በቂ ጥቅም ያገኛል፤ እንዲያውም ከራት በኋላ ያለችው አጭር ጉዞ፣ ብዙ ሰው በልቶ ወዲያው ስለሚቀመጥ ወይም ስለሚተኛ፣ ከሁሉም የምትበልጥበት ጊዜ አለ።

ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ከምግቡ በተጨማሪ የመድኃኒቱ ኃይል የሚበረታበት ሰዓት መታወቅ አለበት። ደመናማው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በዚህ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ከምሳ በፊት፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ደግሞ ቁርሱ ያለቀበትና መድኃኒቱ የበረታበት ስለሆነ ለቁፋሮም ሆነ ለረጅም ጉዞ ከሁሉም የከፋው ሰዓት ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለሚወጋ ሰውም ስሌቱ ያው ነው፤ መድኃኒቱ የሚበረታው ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት፣ እርሱ በእንቅልፍ ላይ እያለ ነው። ጥርት ያለው፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ የሚሠራው ኢንሱሊን፣ ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ሁለቱን የቀላቀለው ኢንሱሊን የሁለቱንም ሰዓት ይይዛል።

የሚወጉበት ቦታም ይታሰብበት። ሊራመዱ ወይም ሊያርሱ ሲሉ ጭን ላይ መውጋት መድኃኒቱ ከሚጠበቀው ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል፤ እንዲህ ባለው ቀን ሆድ ላይ መውጋት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ከመነሣትዎ በፊት ይለኩ፣ ቁጥሩም ይወስን

የስኳር መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው እጁን በውኃና በሳሙና ታጥቦ አድርቆ ይለካ፤ ጣቱ ላይ የቀረ የማር ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ መለካት ለብዙ ሰው አይቻልም። በእኔ ግምት ያሉትን ስትሪፖች በየቀኑ አንድ ጊዜ በዘፈቀደ ከመጠቀም ይልቅ አዲስ እንቅስቃሴ በተጀመረበት ሳምንት ከእንቅስቃሴው በፊት፣ ወዲያው በኋላና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካክቶ ሰውነት የሚሰጠውን ምላሽ ማወቅ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሥርዓቱ ከታወቀ በኋላ ልኬቱን መቀነስ ይቻላል።

ቁጥሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷልና እንቅስቃሴው ይቅር፤ ከዚህ በታች በተገለጸው መንገድ ይታከም። ከ70 እስከ 90 ከሆነ አንድ ሙዝ ወይም አንድ ቁራሽ ዳቦ በልተው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ይነሡ። ከ90 እስከ 250 ያለው ለመነሣት የሚመች ነው። ከ250 በላይ ከሆነና ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ ካለ መንቀሳቀስ ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ምንም ሕመም የሌለው ሰው ቁጥሩ ከ250 ቢበልጥም ውኃ ጠጥቶ ቀለል ያለ ጉዞ ማድረግ ይችላል፤ ከ300 በላይ ከሆነ ግን ለዚያ ቀን ማረፍና ስኳሩ የጨመረበትን ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

መለኪያ የሌለው ሰው በባዶ ሆዱ አይነሣ፣ ከመብላቱም ከሁለት ሰዓት በላይ አያሳልፍ፤ የሚበላ ስኳርም ከኪሱ አያጥፋ።

አራተኛ፦ በመንገድ ላይ

የጉዞው ፍጥነት ልክ የሚታወቀው በንግግር ነው። እየተራመዱ ከጎን ካለ ሰው ጋር ማውራት እየቻሉ መዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ መካከለኛ ጥረት ላይ ነዎት። አዲስ ጀማሪ በ10 ደቂቃ ይጀምርና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመረ 30 ደቂቃ ይድረስ። ከእግር ጉዞው በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቀናቱ ሳይከታተሉ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይኑር፤ ከወንበር እጅን ሳይደግፉ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ በሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ክንድን ማሠራት በቂ ነው።

ኪስ ውስጥ መኖር ያለበት ነገር በቁጥር ጥቂት ነው፦ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ስልክ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመምተኛ መሆንንና የሚወሰደውን መድኃኒት የሚገልጽ ወረቀት። ቆሎ መያዝ የሚወዱ አሉ። ቆሎ ለጉዞ ስንቅነት ጥሩ ነው፣ የወረደ ስኳር ለማንሣት ግን አይሆንም፤ ተፈጭቶ ወደ ደም እስኪገባ ድረስ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። እንጀራና ወተትም እንዲሁ ናቸው።

አምስተኛ፦ ሲወርድ እንዴት ይታወቃል፣ ምን ይደረጋል

መጀመሪያ የሚመጡት የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረኃብና ጭንቀት ናቸው። ካልታከመ የዓይን ብዥታ፣ የንግግር መወላገድ፣ ያለ ምክንያት መቆጣትና መደናገር ይከተላሉ። ችግሩ አንዳንዱ ምልክት የጉዞውን ድካም መምሰሉ ነው፤ ዳገት የወጣ ሰውም ያልበዋል፣ ልቡም ይመታል። መለያው ይህ ነው፦ የድካም ላብና የልብ ምት ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይረግባሉ፣ የወረደ ስኳር ግን ተቀምጠውም ይቀጥላል፣ መንቀጥቀጥም ይጨመርበታል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ የልብ ምቱ መፍጠንና መንቀጥቀጡ ሊሰወሩበት ይችላሉ፤ ለእርሱ የሚቀርለት ዋናው ምልክት ላብ ነው።

ምልክቱ ሲሰማ ጉዞው ወዲያው ይቁም። መለካት ከተቻለ ይለካ፤ ካልተቻለ እንደ ወረደ ቆጥሮ መታከም ይገባል። ከኪስ የተያዘው 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ወይም እንዲሁ ይወሰድ፤ በምትኩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ይሆናል፣ ለስላሳው ግን ስኳር የሌለበት ዓይነት አይሁን። 15 ደቂቃ ተቀምጦ ከጠበቁ በኋላ እንደገና ይለካ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ወይም ምልክቱ ካልለቀቀ ያንኑ ያህል ይደገም። ከተስተካከለ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላ፣ ስኳሩ ብቻውን አይቆይምና። የዚያን ቀን እንቅስቃሴ በዚያው ያብቃ።

ሰውየው መዋጥ ካልቻለ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ነገር መስጠት አይገባም፤ ማርም ቢሆን ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር አለ፦ ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ እስከ አንድ ቀን ስለሚሠራ፣ በደም ሥር ስኳር ተሰጥቶት የነቃ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ነቃ ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት መውሰድ ሳይሆን በተቋሙ ክትትል ሥር ማቆየት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ ከእንቅስቃሴው በኋላ ያለው ሌሊት

ጡንቻ የተጠቀመበትን ክምችት መልሶ ለመሙላት ከደም ስኳር መውሰዱን ስለሚቀጥል፣ ስኳር ከብርቱ ሥራ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ሲያጭድ ወይም ሲወቃ የዋለ፣ ማታም ኤንፒኤች የተወጋ ሰው ሁለቱ በሌሊት ይገናኙበታል። ሊተኛ ሲል ይለካ፤ ከ100 በታች ከሆነ አንድ ቁራሽ ዳቦ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ወስዶ ይተኛ። በላብ ርሶ መንቃት፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታት ሌሊት ስኳር እንደ ወረደ ይጠቁማሉ።

በእንዲህ ዓይነቱ ማታ አረቄም ሆነ ጠላ አደጋውን ያብሰዋል። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ስለሚያቆም፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ አረቄ ስኳርን ከሰዓታት በኋላ ያወርዳል፤ ያን ጊዜ የተደናገረውን ሰው ሁሉም ሰክሯል ብሎ ይተወዋል።

በጾም፣ በስግደትና በገበያ ቀን

ከቤት ወጥቶ የሚደረግ ጉዞ ብቻ እንቅስቃሴ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ሰዓት መንገድ ሄዶ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ከማንም የበለጠ ተንቀሳቅሷል፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምሳ ሳይበላ ነው። እንዲህ ላለው ቀን ገበያ ላይ ሳይበሉ ወደ ቤት አለመመለስና በመንገድ በየሰዓቱ ጥቂት ስንቅ መቅመስ ይበቃል።

የጾም ቀን ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ፣ ጠዋት ግን እንደ ልማዱ ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ገና ሳይንቀሳቀስ አደጋ ውስጥ ገብቷል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ መጾም የሚፈልግ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር አለበት። ሐኪሙ የክኒኑን ሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ሊያዛውረው ወይም መጠኑን ሊቀንሰው ይችላል፤ ይህን በራስ ማድረግ አይገባም። በእነዚህ ቀናት የእግር ጉዞው ከምግቡ በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይሁን።

በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት የሚደረገው ስግደት እንደ ብርቱ የአካል እንቅስቃሴ መቆጠር አለበት፤ ጭን፣ ጀርባና ክንድ በአንድነት ይሠራሉ፣ ሆድም ባዶ ነው። ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይለካ፣ ስኳሩን በኪሱ ይያዝ፣ ድካም ሲሰማው ቆሞ ይጸልይ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግን እዚያው ስኳሩን መውሰድ አለበት።

አንድ ምሳሌ

በደብረ ማርቆስ የሚኖር የ57 ዓመት መምህር እናስብ። ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም ጠዋት ይወስዳል። ልማዱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክኒኖቹን ውጦ 45 ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያም ቁርስ መብላት ነበር። አንድ ቀን ሲነሣ 112 የነበረው ስኳሩ ሲመለስ 66 ሆነ፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር።

መንገዱን ሳያሳጥር ቅደም ተከተሉን ብቻ ለወጠ። 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን፣ ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ መብላት ሲጀምር ክኒኖቹን ወሰደ፤ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ተነሣ። ሲነሣ 158፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲመለስ 121፣ 4 ሰዓት ላይ በዕረፍት ሲለካ 104 አገኘ። ቀሪውን 15 ደቂቃ ከራት በኋላ አደረገው።

ቅዳሜ ጓሮውን ሊቆፍር 4 ሰዓት ላይ ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 82 ሲሆን ሙዝ በልቶ 20 ደቂቃ አርፎ ቀጠለ፤ ሊተኛ ሲል 93 ስለነበር ቁራሽ ዳቦ ጨመረ፣ ጠዋትም 98 ሆኖ ነቃ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቁርሱንም ሰዓቱንም ሳያዛባ ከምሳ በፊት ሁለት ቀን 71 እና 68 አገኘ። ይህ የምግብ ወይም የሰዓት ስሕተት አልነበረም፤ በመደበኛ እንቅስቃሴ ሰውነቱ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ስለተሻሻለ የድሮው የክኒን መጠን በዝቶበት ነበር። እየበላ ክኒኑን ማሳደድ ደግሞ ክብደት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበላውንና ቁጥሩን የጻፈበትን ደብተር ይዞ ክትትሉን ወደሚያደርግበት ሐኪም ሄደ፤ ሐኪሙም ግሊቤንክላማይዱን ወደ 2.5 ሚሊ ግራም ዝቅ አደረገለት። ከዚያ በኋላ ከምሳ በፊት የሚያገኛቸው ቁጥሮች በ95 እና በ130 መካከል ሆኑ።